ከሦስቱ የትኛውን? ያገለገለ የዊንተር ኮት ሲመረጥ

የእህቴ ልጅ ዲቪ ደርሶት ዲሴምበር ላይ ሚኒያፖሊስ ሲገባ የለበሰው ከመርካቶ የተገዛ ስስ የቆዳ ጃኬት ነበር። ለአዲስ አበባ የኅዳር ብርድ ይበቃል። እዚህ ግን ጃንዋሪ ላይ ሌሊቱ በአማካይ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይወርዳል። ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ከአየር ማረፊያው በር እስከ መኪናዬ ያለችውን መንገድ ጆሮውን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነው የሄዳት። በማግስቱ ያገለገለ ልብስ ወደሚሸጥበት ትልቅ ሱቅ ይዤው ሄድኩ።

እንደዚህ ዓይነት ሱቅ ውስጥ በጓሮ በኩል 6 ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ በከረጢት የመጣውን ልብስ መለየት ነበር። ይሄ ይሰቀላል፣ ይሄ ይጣላል። ኮት ላይ የምናጠፋው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ስለዚህ ብዙ ነገር ያመልጠናል። መጥፎ ኮት ይሰቀላል፤ ጥሩ ኮት ደግሞ ዚፑ ስለተበላሸ ብቻ በርካሽ ይወጣል። ገዢ ሆኖ የሚሄድ ሰው አሥር ደቂቃ ቢሰጠው እኛ ያላየነውን ያያል።

ከመስቀያው ላይ ለልጁ ልክ የሚሆኑ ሦስት ኮቶች አወረድን። አንደኛው ጥቁር፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ አዲስ የሚመስል ነው። ዋጋው 30 ዶላር። ሁለተኛው ሰማያዊ፣ ዳሌ ድረስ የሚደርስ፣ ዚፑ የተበላሸ። 22 ዶላር። ሦስተኛው ቡናማ፣ ረጅም፣ ወፍራም፣ ኮፍያው ላይ ጸጉር ያለው። 15 ዶላር ብቻ።

«አክስቴ፣ ጥቁሩን እንውሰድ። ይሄ እኮ አዲስ ነው» አለኝ።

ዚፑን ከታች እስከ ላይ ሳበው። እንደ ቅቤ ሄደለት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ዚፑ ሠራ፣ እድፍ የለውም፣ ልኬ ነው፣ ይከፈል። እኔ ግን ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። መጀመሪያ የማየው የማይጠገነውን ነው። የዚፕ ራስ ይቀየራል፤ የኪስ ገበር ይሰፋል። የሞተ መሙያ ግን የትም ልብስ ሰፊ ቤት ቢወሰድ አይነሳም።

መሙያው ከሁሉ በፊት

ኮት ሙቀት አይሠራም። ሙቀቱ የሰውነታችን ነው። የኮቱ ሥራ በውስጡ አየር አስሮ ያንን ሙቀት እንዳይወጣ መያዝ ነው። ጋቢን ማሰብ ይበቃል። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ የሚያሞቀው ጥጡ ብቻ ሳይሆን በድርቦቹና በክሩ መሀል የታሰረው አየር ጭምር ነው። አዲስ ጋቢና ለዓመታት ሲታጠብ ኖሮ የሳሳ ጋቢ ክብደታቸው ብዙም ላይለያይ ይችላል። ሲደርቡት ግን ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ኮትም እንደዚያው ነው። ወፍራም ሆኖ የተነፋ ኮት ብዙ አየር ይይዛል። የተጋደመው አይይዝም።

ወደ ውስጥ የሚሞላው ነገር በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዳውን ነው፤ ዳክዬ ወይም ዝይ ከላይኛው ላባዋ ሥር፣ ደረቷ ላይ ያላት ለስላሳ ብናኝ የሚመስል ላባ። ሌላው ፖሊስተር ነው፤ እንደ ጥጥ የተባዘተ ሰው ሠራሽ ክር። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ከውስጥ ጎኑ ላይ የተሰፋው ጽሑፍ ነው። እዚህ ላይ አዲስ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ጽሑፉ ብዙውን ጊዜ ሦስት መስመር አለው። አንዱ ስለ ውጪው ጨርቅ፣ አንዱ ስለ ገበሩ፣ አንዱ ስለ መሙያው ነው። የእህቴ ልጅ ሰማያዊው ላይ «100% ፖሊስተር» የሚለውን አይቶ ሊመልሰው ነበር። ያነበበው ስለ ውጪው ጨርቅ የተጻፈውን ነው። ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ስለ መሙያው የተጻፈው 80% ዳውን፣ 20% ላባ ይላል።

ሁለቱ መሙያዎች የሚያረጁበት መንገድ አይመሳሰልም። ያገለገለ ኮት ለሚገዛ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው እውቀት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፖሊስተር ርካሽ ነው፤ ሲረጥብም ከዳውን የተሻለ ሙቀት ይይዛል። ነገር ግን ክሩ የተጠማዘዘ ስለሆነ ነው አየር የሚይዘው። ሰው ሲቀመጥበት፣ የቦርሳ ማንገቻ ሲጫነው፣ ከረጢት ውስጥ ተጨምቆ ሲከርም፣ ኃይለኛ ሙቀት ባለው ማድረቂያ ሲደርቅ ያ ጥምዝ ይላላል። አንዴ ከላላ አይመለስም። ቢታጠብ፣ ቢራገፍ፣ ቢሰጣ ለውጥ የለውም።

ዳውን ግን ሌላ ነው። እያንዳንዷ ብናኝ ከመሀሏ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚወጡ ቀጫጭን ጸጉሮች አሏት። በላብ፣ በወዝና በእርጥበት ተጣብቃ ትተኛለች። ያ ማለት ሞተች ማለት አይደለም። በአግባቡ ታጥባ በደንብ ከደረቀች አብዛኛውን ጊዜ ትነሳለች። ስለዚህ የተጋደመ ፖሊስተር ሲሆን እተወዋለሁ። የተጋደመ ዳውን ሲሆን ግን ምክንያቱን እፈልጋለሁ።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ኮቱን ከመስቀያው አውርዱ። መስቀያ ላይ ከአርባ ኮት ጋር ተጠቅጥቆ የከረመ ኮት መጋደሙ ስለማይቀር ወዲያው አትፍረዱበት። ትከሻውን ይዛችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል በደንብ አራግፉት። ከዚያ ጠረጴዛ ወይም ወንበር ላይ ዘርጉትና አምስት ደቂቃ ተዉት። በዚህ መሀል ሌላውን ማየት ይቻላል።

ስትመለሱ ደረቱ ላይ አንዱን ክፍል በመዳፋችሁ እስከ ታች ጨምቁትና ልቀቁት። ጤነኛ ከሆነ እያያችሁት ይነሳል። ዳውን ትንሽ ዝግ ብሎ፣ እንደሚተነፍስ ነገር ሆኖ ነው የሚነሳው። ፖሊስተር ጤነኛ ሲሆን ፈጠን ይላል። ከዚያ ያንኑ ትከሻው ላይ አድርጉ። ከዚያ ክርኑ ላይ። ከዚያ ከኋላ መቀመጫው ላይ። ደረት ብዙም ጫና ስለማያርፍበት ኮቱ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር ይነግራችኋል። ትከሻና መቀመጫ ደግሞ አሁን ምን እንደቀረው ይነግሯችኋል። መለኪያውን ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም፤ ኮቱ በራሱ ይለካል።

ጥቁሩ እዚህ ላይ ወደቀ። ደረቱ ላይ ሁለት ጣት ያህል ውፍረት አለው። ትከሻው ላይ ግን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሀል ስይዘው ከውጪው ጨርቅና ከገበሩ በቀር የሚዳሰስ ነገር የለም ማለት ይቻላል። መቀመጫውም እንደዚያው። ጽሑፉ መሙያው ፖሊስተር ነው ይላል። ሰውየው ምናልባት መኪና እየነዳ፣ ቦርሳ እያነገተ ለብሶታል። ውጪው ጠንካራ ጨርቅ ስለሆነ አዲስ መስሎ ቀርቷል። ውስጡ ግን አልቋል።

ልጁን እጁን ይዤ አስዳሰስኩት። አልተከራከረኝም።

እኔም እዚህ አገር የመጣሁ ዓመት የገዛሁት ልክ እንደዚህ ዓይነቱን ነበር። ጥቁር፣ ረጅም፣ ንጹሕ። አውቶቡስ ስጠብቅ ትከሻዬ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የሚወርድብኝ ይመስለኝ ነበር። አመመኝ እንዴ እያልኩ ሐኪም ቤት ሁሉ ለመሄድ አስቤያለሁ። ኮቱ መሆኑ የገባኝ ከዓመት በኋላ ሥራ ጀምሬ በእጄ ብዙ ኮት ከዳሰስኩ ወዲህ ነው።

ሰማያዊው ሲጨመቅ ተነሳ። ደረቱም ትከሻውም ተቀራራቢ ነው። ግራ ትከሻው ላይ አንድ ክፍል ብቻ ሳሳ አለብኝ። እንዲህ ሲሆን ኮቱን መብራት ላይ አንሱት። ስልክ ካላችሁ የስልኩን መብራት ከውስጥ አብርታችሁ ከውጪ ተመልከቱ። ሙሉ ክፍል ብርሃኑን ይጋርደዋል። ባዶ ክፍል እንደ መስኮት ያበራል። ጨርቁ በጣም ጥቁር ከሆነ ይሄ አይሠራም፤ ያኔ በጣት መዳሰስ ነው። የሰማያዊው ያ ክፍል ግማሹ ያበራል፤ ላባው ወደ አንድ ጥግ ሸሽቷል። ከሃያ ምናምን ክፍል አንዱ ስለሆነ ታገስኩት።

ቡናማው ወፍራም ነው። ግን ብብቱ ሥር ስዳስሰው እንደ ሽምብራ የጠጠሩ ድብልብሎች አገኘሁ። ይሄ ዳውን ረጥቦ በደንብ ሳይደርቅ ሲቀር የሚመጣ ነው። ድብልብሉ በጣት ሲታሽ ከተበተነ ተስፋ አለው። ካልተበተነ ደግሞ አፍንጫችሁን አስጠጉ። የእርጥብ ውሻ ዓይነት ሽታ ቀለል ያለ ከሆነ የእርጥበት ነው፤ በማጠብና በማድረቅ ሊሄድ ይችላል። ምድር ቤት የከረመ ካርቶን ዓይነት ሽታ ከሆነ ሻጋታ ነው፤ እሱን እኔ ቤቴ አላስገባም። የቡናማው ሽታ ሁለተኛው ነበር። እዚያው ማብቃት ይቻል ነበር፤ ስፌቱንና ገበሩን ለልጁ ለማሳየት ስል ግን አልመለስኩትም።

አንዳንድ የዳውን ኮት ላይ ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ 550፣ 650፣ 800። አንድ አውንስ ዳውን ሲነፋ ስንት ኪዩቢክ ኢንች ቦታ እንደሚሞላ የሚናገር ቁጥር ነው። ትልቁ ቁጥር ማለት በትንሽ ክብደት ብዙ አየር ማለት ነው። ግን ምን ያህል ላባ እንደተሞላበት አይናገርም። ደግሞ የተለካው አዲስ እያለ ነው። ብዙ ላባ ያለው ባለ 550 ወፍራም ኮት ስስ ከሆነ ባለ 800 ጃኬት ይበልጥ ሊያሞቅ ይችላል። ሻጩ በቁጥሩ ዋጋ ቢጨምርባችሁ እጃችሁን ከቁጥሩ በላይ እመኑ።

ስፌት፦ ክሩ ነው ወይስ ጨርቁ?

ስፌት የተተረተረበት ኮት ሁሉ አይጣልም። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው። የተበጠሰው ክሩ ነው ወይስ ጨርቁ?

ስፌቱን በሁለት እጅ ግራና ቀኝ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ክሩ ብቻ ከተበጠሰ ሁለቱ ጨርቆች ጫፋቸው ደህና ሆኖ ይለያያሉ፤ የመርፌው ቀዳዳዎች ትንንሽና ክብ ሆነው ይታያሉ። በመርፌና በጠንካራ ክር ቤት ውስጥ ይሰፋል። ጨርቁ ራሱ ከተቀደደ ግን የመርፌ ቀዳዳዎቹ ረዝመው እርስ በርስ ተያይዘዋል፤ ጠርዙም ፈርሶ ክር ክር ብሏል። ይሄን ለመስፋት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ደህናውን ጨርቅ መያዝ ያስፈልጋል። ያኔ ብብቱ ይጠብባል፤ እጅ ሲነሳ መልሶ ይቀደዳል።

ሁሉንም ስፌት ማየት አያስፈልግም። ጫና ያለበት ቦታ የታወቀ ነው። ብብት፣ የኪስ ጥግ፣ ኮፍያው ከአንገት ጋር የሚገናኝበት፣ ረጅም ኮት ከሆነ ደግሞ ከኋላ የተሰነጠቀበት ቦታ አናቱ። እነዚህ ደህና ከሆኑ ሌላው ደህና ነው።

ዳውን ኮት ላይ ስፌት ሌላም ሥራ አለው። ላባውን ይይዛል። እጃችሁን ስፌቱን ተከትላችሁ አሹት። አንድ ሁለት ላባ ብቅ ቢል የተለመደ ነው፤ ከአዲስ ኮትም ይወጣል። አትንቀሉት። ነቅላችሁ ካወጣችሁት ቀዳዳውን አስፍቶ የኋለኛውን ይጎትታል። ከውስጥ በኩል በጣታችሁ ያዝ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ መልሱት። የቡናማው ግን ሌላ ነበር። እጄን ከእጅጌው ላይ ሳነሳ መዳፌ በነጭ ብናኝ ተሸፍኗል፤ ስፌቱ በመስመር ሙሉ ይተነፍሳል። እንዲህ ያለውን በላዩ ላይ ደግሞ መስፋት አያድነውም፤ እያንዳንዱ የመርፌ ውጋት አዲስ ቀዳዳ ነው።

ዝናብ የማያስገባ ኮት ከሆነ ከውስጥ በኩል ስፌቱ ላይ የተለጠፈ ቀጭን ፕላስቲክ ሊኖረው ይችላል። ጫፉ ከተላጠ፣ ወይም የጨርቁ ውስጠኛ ገጽ እንደ ፎረፎር ነጭ ነጭ ከተራገፈ፣ ወይም ሲነካ እንደ ማር ከተጣበቀ፣ ሽፋኑ አርጅቷል ማለት ነው። አይመለስም። ለደረቅ ብርድ ብቻ የሚለበስ ከሆነ ችግር የለውም። ዝናብ ለሚበዛበት ከተማ፣ ለምሳሌ ሲያትል ላሉ ወገኖች ግን አልመክርም።

ገበር

ገበር ሲታይ ሰው አንገቱ ጋ ያለውን ብቻ ገልጦ ይተወዋል። እኔ እጅጌውን እስከ መጨረሻው ገልብጬ አያለሁ። ብብት ላይ ላብ ጨርቁን ይበላዋል፤ ቀለሙ ከለቀቀና በጣት ሲገፋ ከሳሳ ቀዳዳው ሩቅ አይደለም። ከዚያ እጄን ሁለቱም ኪሶች ውስጥ አስገብቼ ጥግ ጥጉን በጣቴ እፈልጋለሁ። ኪስ ተቀዶ ቁልፍና ሳንቲም በገበሩ ውስጥ ወርዶ ታች ጠርዝ ላይ የተከማቸበትን ኮት ስንቱን አይቻለሁ። ይሄ ቀላል ጉድለት ነው፤ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ስፌት ነው። እንዲያውም ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል።

የሱፍ ካፖርት ከሆነ ገበሩ ነፋስ ያቆማል፤ ከሹራብ ላይም ያንሸራትታል። ቢቀደድ ሱፉ አሁንም ያሞቃል። ሙሉ ገበር መቀየር ግን ብዙ ሥራ ስላለው ውድ ነው። ሱፍ ላይ ይበልጥ የሚያሰጋው ብል ነው። መብራት ላይ አንስታችሁ የመርፌ ራስ የሚያህሉ ብርሃኖች ካያችሁ ብል በልቶታል።

ዳውን ኮት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ገበሩ የላባው ከረጢት ራሱ ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ከሱፉ ትልቅ ቅዳጅ ትበልጣለች። ቀዳዳዋ ከጥፍር ካልበለጠች ለዚሁ የሚሸጥ የሚለጠፍ ናይለን አለ፤ ጠርዙ ክብ ሆኖ ተቆርጦ ከተለጠፈ ይይዛል። የቡናማው ገበር ግን ብብቱ ሥር እስከ ክርኑ ተተርትሮ ነበር። በ15 ዶላር የተገዛው ነገር በሳምንት ውስጥ ሹራቡን ሁሉ ላባ ያለብሰዋል።

ዚፕ፦ መጨረሻ ላይ፣ ግን በደንብ

ዚፕ ሲፈተሽ ኮቱ መለበስ አለበት፤ ከሥሩ ወፍራም ሹራብ ተለብሶ። መስቀያ ላይ የሚሄድ ዚፕ ሆድ ላይ ሲወጠር ሊከፈት ይችላል። ከታች ሙሉ በሙሉ ለዩት። መሠኪያውን አስገቡ። እስከ አገጭ ሳቡት፣ መልሱት፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ዘግታችሁ ተቀመጡ። ስትቀመጡ ከታች በኩል ከተተረተረ ታያላችሁ።

የሰማያዊው ችግር እንዲህ ነው። የሚሳበው የዚፑ ራስ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከኋላው ግን ጥርሶቹ አልተያያዙም። እንደዚህ ሲሆን ሰው «ዚፑ ሞቷል» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሞተው ራሱ ብቻ ነው። ራሱ ሁለቱን የጥርስ ረድፎች አጥብቆ የሚያገጣጥም ጠባብ መተላለፊያ አለው። በአገልግሎት ብዛት ከንፈሩ ይከፈትና መጨበጥ ያቅተዋል። ፒንሳ ካለ ግራና ቀኝ ጎኑን በጣም ቀስ አድርጎ መጨበጥ ለጊዜው ይመልሰዋል። ብዙ ከተጫነ ይሰበራል። የሚሻለው ራሱን መቀየር ነው። ጀርባውን ገልብጣችሁ ብታዩ ቁጥር ተጽፎበታል፤ 5፣ 8 ወይም 10። ጥርሶቹ ሲገጥሙ ያላቸው ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር ገደማ። በተመሳሳይ ቁጥርና በተመሳሳይ ዓይነት ጥርስ የተሠራ ራስ ነው የሚገባው። ለብረት ጥርስ የብረት፣ ለፕላስቲክ ጥርስ የፕላስቲክ፣ ለተጠመዘዘ የናይለን ጥርስ የራሱ። ብዙ ዚፖች ላይ ዋይ ኬ ኬ የሚሉ ፊደላት ታያላችሁ። በ1934 ጃፓን ውስጥ የተመሠረተ የዚፕ ፋብሪካ ነው። የእነሱ ከሆነ ተተኪ ራስ ማግኘት አያስቸግርም።

የማይታለፈው ሌላ ነው። አንድ ጥርስ መሀል ላይ ከወለቀ ራሱ እዚያ ሲደርስ ይስታል። ከታች መሠኪያው የተሰፋበት ጨርቅ ከፈረሰ ደግሞ ጫፉ እንደ ያደረ ቄጤማ ይልፈሰፈስና ማስገቢያው ውስጥ አይገባም። በሁለቱም ሙሉውን ዚፕ ፈትቶ መቀየር ነው መፍትሔው። ዳውን ኮት ላይ ይሄ ሥራ ከባድ ነው፤ ዚፑ ሲፈታ ላባው ይወጣል። የእጅ ዋጋው ከኮቱ ዋጋ በቀላሉ ይበልጣል። ስለዚህ የሰማያዊውን ጥርሶች ከታች ጀምሬ በጥፍሬ ዳበስኩ። ሁሉም አሉ። መሠኪያውም ጠንካራ ነው። ሰው ጥሎት የሄደው ለአንዲት ራስ ብሎ ነው።

ዚፕ ገበር እየነከሰ ቢያስቸግር የዚፑ ችግር ላይሆን ይችላል። ከኋላው ያለው ነፋስ መከላከያ ጨርቅ ታጥፎ ነው። ደርቆ እያንገራገረ የሚሄድ የብረት ዚፕም ሻማ ቢታሽበት ይለሰልሳል። የመሳቢያው ምላስ ብቻ ተሰብሮ ከሆነ የቁልፍ ቀለበት ይበቃዋል። በእነዚህ ምክንያት ጥሩ መሙያ ያለው ኮት አይመለስም።

ሰማያዊውን ወሰድነው

ከመክፈላችን በፊት ልጁን ከነሹራቡ አለበስኩትና እጆቹን ወደ ላይ አስነሳሁት። ወገቡ አልተገለጠም፣ ትከሻው ላይ አልወጠረውም። ዳውን ተወጥሮ ከተለበሰ መሙያው ተጨምቆ አየሩ ስለሚወጣ ጥብቅ ያለውን ትቼ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን እመርጣለሁ። ገንዘብ ተቀባይዋን ዚፑን አሳየኋት፤ 22ቱን ወደ 18 አወረደችልን። ሁልጊዜ አይሆንም፤ መጠየቅ ግን አይከለከልም።

ቤት ስንገባ አፉ በታሰረ ፕላስቲክ ውስጥ አድርገን በረንዳ ላይ አቆየነው። ያገለገለ ልብስ ሳይታጠብ አልጋም ሶፋም ላይ አይቀመጥም፤ ትኋን ቤት ከገባ መከራ ነው። በማግስቱ ልብስ ማጠቢያ ቤት ወሰድነው። ከፊት የሚከፈተው ማሽን ይሻላል፤ ከላይ የሚከፈተው መሀሉ ያለው ምሰሶ ስፌት ይጎትታል። ለዳውን የሚሆን ለስላሳ ሳሙና በትንሹ። የልብስ ማለስለሻ በፍጹም፤ ላባውን ይለጥፈዋል። ሁለት ጊዜ አለቀለቅነው።

ከማሽኑ ሲወጣ ልጁ ደነገጠ። ኮቱ እንደ እርጥብ ጆንያ ሆኖ ነበር፤ ላባው ሁሉ ክፍሎቹ ጥግ ላይ ተሰብስቧል። «አክስቴ፣ አበላሸነው» አለ። አላበላሸነውም። ማድረቂያ ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት ከሦስት ንጹሕ የቴኒስ ኳሶች ጋር ከተትነው። ኳሶቹ ሲነጥሩ ድብልብሉን ይሰብሩታል። በየግማሽ ሰዓቱ እያወጣን አራገፍነው፣ የቀረውን ድብልብል በጣታችን በተንነው። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ላይ ላዩ የደረቀ መስሎ ውስጡ እርጥበት ሊቀር ስለሚችል ቤት ወስደን ለሁለት ቀን ወንበር ላይ ዘርግተን አቆየነው። ሲጨመቅ ቀዝቀዝ የሚል ቦታ ካለ ገና አልደረቀም።

የዚፑን ራስ ሴንት ፖል ያሉ አንድ ልብስ ሰፊ ቀየሩልን፤ ድሮ አዲስ አበባ ፒያሳ ይሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ላይኛውን የዚፕ ማቆሚያ ነቅለው አሮጌውን ራስ በላይ በኩል አወጡ፣ ባለ 5 ቁጥር አስገብተው ማቆሚያውን መለሱ። ቆመን ስንጠብቅ አለቀ። «ስንት ልክፈል ጋሼ?» አለ ልጁ። 6 ዶላር አሉት፤ ራሱንም ጨምሮ። ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ከነማድረቂያው 9 ዶላር ወስዷል። ኮቱ በ33 ዶላር ቆመ። ከጥቁሩ በ3 ዶላር ይበልጣል።

ትናንት ከዜሮ በታች 19 ነበር። ለአውቶቡስ 12 ደቂቃ ቆሞ ወደ ሥራ ሄደ። ማታ ሲገባ ብርዱ እንዴት ነበር አልኩት። እግሩንና ፊቱን አማረረ፤ ቦት ጫማ ገና አልገዛንም። ትከሻውን ጠየቅኩት። «ግራው ላይ አንድ ቦታ ትንሽ ይቀዘቅዛል» አለኝ። ያቺ ግማሽ ባዶ ክፍል ናት። እሁድ ሲያርፍ ላባውን ከጥጉ በጣት እየገፋን እናስተካክላታለን።